«መጠነኛ መቀዛቀዝ» ስንት ብር ነው?

አንድ ስታርትአፕ ከባለሀብቶች ገንዘብ ሲቀበል በምላሹ የአክሲዮን ድርሻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ሥራው እንዴት እንደዋለ የሚገልጽ አንድ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይልክላቸዋል። ባለሀብቶቹ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖሩ ዘመዶችና ወዳጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የውጭ ፈንድም ሊኖርበት ይችላል። አብዛኞቹ የድርጅቱን ቢሮ ረግጠው አያውቁም። ስለ ገንዘባቸው የሚያውቁት ደብዳቤው የነገራቸውን ያህል ነው። ሥራው በሰመረበት ሩብ ዓመት ይህን ደብዳቤ መጻፍ አይከብድም። ገቢ በቀነሰበት ጊዜ ግን መሥራቹ ቃላት መምረጥ ይጀምራል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ብናየው ይሻላል። ድርጅቱ ለዚህ ጽሑፍ የተሰናዳ ነው፤ አሠራሩ ግን በከተማችን የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ለሰፈር ሱቆች ዘይት፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላልና ሳሙና በስልክ መተግበሪያ ትእዛዝ እየተቀበለ ያደርሳል፤ ከሚያደርሰው ዕቃ ዋጋ ላይ ኮሚሽን ይወስዳል። የጥር፣ የየካቲትና የመጋቢት ወራት ሲያልቁ መሥራቹ ይህን ረቂቅ ጻፈ፦

«ያለፉት ሦስት ወራት ለቀጣዩ ዕድገታችን መሠረት የተጣለባቸው ነበሩ። በመድረካችን የተካሄደው ግብይት በ10 በመቶ አድጓል፤ የተመዘገቡ ሱቆች ቁጥርም ከ2,000 አልፏል። ከትላልቅ ገዢዎች ጋር ስትራቴጂያዊ ትስስር ተፈጥሯል። በጾሙ ወቅትና በገበያው አለመረጋጋት ምክንያት በአንዳንድ ዘርፎች መጠነኛ መቀዛቀዝ የታየ ቢሆንም፣ የሥርጭት አሠራራችንን ይበልጥ ቀልጣፋ የማድረግ ሥራ በመሠራት ላይ ይገኛል። የገንዘብ አቋማችን አስተማማኝ ነው።»

ይህን አጻጻፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመሥሪያ ቤት ሪፖርት የወረስነው ነው። «አበረታች ውጤት ተመዝግቧል»፣ «አንዳንድ ተግዳሮቶች ያጋጠሙ ቢሆንም»፣ «በመሠራት ላይ ይገኛል» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ሠሪው አይታወቅም፤ መጠኑም ቀኑም የለም። መቀዛቀዙ «ታየ» እንጂ ማን ምን አድርጎ እንዳመጣው አይነገርም። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በስተቀር ረቂቁ ውስጥ በቀጥታ ውሸት ነው የሚባል ነገር የለም። አንባቢውን የሚያሳስተውም በዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ ሐሳብ ለብቻው ሲታይ እውነት ይመስላል፣ ሲደመር ግን ድርጅቱ እያደገ ነው የሚል ሥዕል ይሰጣል።

ደብዳቤውን ለማረም የተነሣ ሰው ቃላቱን ከማሻሻሉ በፊት የሂሳብ መዝገቡን መክፈት አለበት። «መጠነኛ»ን ሰርዞ «ጉልህ» ማለት ምንም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የቆመበት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ግብይቱን እንይ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በነበረው ሩብ ዓመት በመተግበሪያው በኩል የ30 ሚሊዮን ብር ዕቃ ተሸጦ ነበር። በአሁኑ ሩብ ዓመት 33 ሚሊዮን ደርሷል። የ10 በመቶው ዕድገት እንግዲህ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የድርጅቱ አይደለም፤ አብዛኛው ዕቃውን ላቀረበው አስመጪና ፋብሪካ የሚሄድ ነው። የድርጅቱ ገቢ ኮሚሽኑ ብቻ ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት ኮሚሽኑ 8 በመቶ ስለነበር ከ30 ሚሊዮኑ 2.4 ሚሊዮን ብር አግኝቷል። አሁን ከ33 ሚሊዮኑ ያገኘው 1.98 ሚሊዮን ነው። ገቢው በ17.5 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። ረቂቁ ያደገውን ቁጥር አሳየ፤ የወረደውን ግን ስሙንም አላነሳውም።

ዕቃው ጨምሮ ገቢው እንዴት ሊቀንስ ቻለ? መልሱ ያለው «ስትራቴጂያዊ ትስስር» በተባለው ውስጥ ነው። ከ33 ሚሊዮኑ 11 ሚሊዮኑን የገዙት ሦስት ሚኒ ማርኬቶች ናቸው። እነዚህ ብዙ ስለሚያዝዙ በ2 በመቶ ኮሚሽን ብቻ እንዲስተናገዱ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከእነሱ የተገኘው 220 ሺህ ብር ነው። የቀረው 22 ሚሊዮን በቀድሞው 8 በመቶ ሲታሰብ 1.76 ሚሊዮን ይሆናል። እንግዲህ እውነተኛው ወሬ ይህ ነው፦ ድርጅቱ የተመሠረተበት የሰፈር ሱቆች ንግድ ከ30 ሚሊዮን ወደ 22 ሚሊዮን፣ ማለትም ከሩብ በላይ ወርዷል። ሦስት ትልልቅ ገዢዎች በርካሽ ገብተው ጉድለቱን ሸፍነውታል። ከእነሱ አንዱ ብቻ ቢወጣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጠቅላላ ድምርም ይወድቃል።

በእኔ እምነት የደካማ ሩብ ዓመት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው በእንዲህ ዓይነት ድምር ውስጥ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ያደገ ድምር ቢያንስ በሁለት ከፍሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ነባር ደንበኞችን ከአዲሶች፣ ትንንሾቹን ከትልልቆቹ። ክፍሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ ከሆነ ድምሩን ብቻ መንገር ማሳሳት ነው።

የሱቆቹ ቁጥርም እንዲሁ ነው። «የተመዘገቡ» ሱቆች 2,100 ናቸው። መመዝገብ ማለት ግን የአንድ ጊዜ ሥራ ነው፤ የተመዘገበ ሱቅ ስሙ ከመዝገብ ስለማይሰረዝ ይህ ቁጥር በባሕርዩ ከመጨመር በቀር አይቀንስም። ድርጅቱ እየሞተም እንኳ ያድጋል። ጠቃሚው ቁጥር በመጋቢት ወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ያዘዙት ናቸው፤ 640። በታኅሣሥ 780 ነበሩ። በተጨማሪም ያለፈው ደብዳቤ የዘገበው ስለ «ያዘዙ ሱቆች» ነበር፤ ይህኛው ወደ «የተመዘገቡ» ዞሯል። የቆየ አንባቢ መጀመሪያ የሚያየው እንዲህ ያለውን ለውጥ ነው። ባለፈው ጊዜ የነበረ መለኪያ ዛሬ ከጠፋ፣ የወረደው እሱ ነው ብሎ መጠርጠር ስህተት አይሆንም። መለኪያ መቀየር አይከለከልም። የቀየረ ሰው ግን አሮጌውንም አዲሱንም ጎን ለጎን አድርጎ ቢያንስ ለአንድ ሁለት ሩብ ዓመት ማሳየት፣ ለምን እንደቀየረም መናገር አለበት።

በራስ መለኪያ መመካት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ዊወርክ የተባለው የአሜሪካ የቢሮ አከራይ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 933 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ኪሳራ ነበረበት። በ2018 ብድር ለማሰባሰብ ባቀረበው ሰነድ ግን ብዙ የተለመዱ ወጪዎችን አውጥቶ ራሱ በፈጠረው መለኪያ የ2017ን ውጤት 233 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ አድርጎ አሳየ። በ2019 አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመሸጥ ሲዘጋጅ ሂሳቡ በይፋ ተመረመረና ሽያጩ ቀረ፤ በ2023 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ።

ወደ ሱቆቻችን እንመለስ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው ምክንያቱ ነው፤ ለመዋሸት የሚቀልለውም እዚህ ላይ ነው። ረቂቁ ጾሙንና የገበያውን አለመረጋጋት ወቅሷል። የዐቢይ ጾም በእርግጥ በየካቲትና በመጋቢት ይውላል፤ የምግብ ንግድ ላይ ለውጥ ማምጣቱም የታወቀ ነው። ይሁንና ምክንያት ሊፈተን ይችላል። ያዘዙት ሱቆች እንዲያንሱ ያደረገው ጾሙ ቢሆን ኖሮ የሚቀንሰው እንቁላል ነበር፤ ዘይትማ በጾም ይበልጥ ይፈለጋል። የትእዛዝ መዝገቡ ሲታይ ግን እንቁላልም፣ ዘይትም፣ ሳሙናም አብረው ወርደዋል። ሳሙና የፍስክና የጾም የለውም። ጾሙ ዋናው ምክንያት እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል።

ታዲያ ዋናው ምንድን ነው? በየካቲት መጀመሪያ ድርጅቱ የነዳጅ ወጪ ለመቆጠብ ሲል በየቀኑ ያደርስ የነበረውን ዕቃ በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲሆን ወስኗል። ረቂቁ «የሥርጭት አሠራራችንን ቀልጣፋ ማድረግ» ያለው ይህንኑ ነው። የሰፈር ባለ ሱቅ ግን የዛሬውን ሽያጭ ይዞ የነገውን ዕቃ የሚገዛ ነው፤ የሦስት ቀን ዕቃ የሚያከማችበት ገንዘብም ቦታም የለውም። ስለዚህ ወደ ቀድሞው ጅምላ ሻጩ ተመለሰ። ይህም ግምት ብቻ እንዳይሆን የሚያረጋግጥ ነገር አለ። በአንድ ሰፈር፣ ጀሞ፣ መጋዘኑ ቅርብ ስለሆነ የየቀኑ ማድረስ አልተቋረጠም ነበር፤ የጀሞ ሱቆች ትእዛዝም ከታኅሣሥ ወዲህ አልቀነሰም። አንድ ሰፈር ሙሉ ማስረጃ ባይሆንም ጥሩ ምልክት ነው፤ ደብዳቤውም ልክ ይህን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ሊጽፈው ይገባል። «ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለናል፣ ይህን ያልንበትም ማስረጃ ይሄ ነው» ይበል እንጂ «ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ አይደምድም።

«የገንዘብ አቋማችን አስተማማኝ ነው» የሚለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም አደገኛ ነው። በባንክ 9.1 ሚሊዮን ብር አለ። ከዚህ ውስጥ 2.1 ሚሊዮኑ የመክፈያ ቀኑ የደረሰ የአቅራቢዎች ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የድርጅቱ ሊባል የሚችለው 7 ሚሊዮን ነው። የወር ወጪው ከወር ገቢው በ1.4 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። 7ን ለ1.4 ብናካፍል አምስት ወር ይመጣል። መሥራቹ አስተማማኝ ያለው በመጪዎቹ ወራት ገቢው እጥፍ ይሆናል ብሎ አስቦ ነው። ገንዘቡ ለስንት ወር እንደሚበቃ ሲሰላ ግን መጀመሪያ ዛሬ ባለው ገቢና ወጪ መሰላት አለበት፤ ተስፋው ከዚያ በኋላ፣ በሌላ መስመር ይምጣ። አዲስ ገንዘብ ማሰባሰብ ብዙ ወራት ይወስዳል። አምስት ወር የቀረው ድርጅት ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ለዋናዎቹ ባለሀብቶች ስልክ መደወል ይገባዋል፤ እንዲህ ያለ ዜና በጽሑፍ ብቻ ሊደርሳቸው አይገባም።

ውጭ አገር ላሉ ባለሀብቶች ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ሩብ ዓመት ከእነሱ ጋር ስለማይገጥም ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ማስቀመጥ ግራ መጋባትን ያስቀራል። ሁለተኛው ምንዛሬ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዚያ ጊዜ የብር ገቢው በ40 በመቶ ያደገ ድርጅት በዶላር ሲታይ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። «በ40 በመቶ አደግን» ብሎ ዶላሩን መተው ማሳሳት ነው፤ በዶላር ብቻ ማሳየትም የሥራውን ጥረት ያጠፋል። በብር ጽፎ፣ የተጠቀመበትን ምንዛሬና ቀኑን ከሥር ማስፈር ይበቃል።

መሥራቹ ይህን ሁሉ ሲሰማ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጠ። ሁለተኛው ረቂቁ በይቅርታ ይጀምራል፤ «ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው» ይላል፤ የሥርጭት ኃላፊዋን በስም ጠቅሶ ውሳኔው የእሷ እንደነበር ያትታል፤ በሰኔ ወር የሱቆቹ ንግድ ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚመለስ ቃል ይገባል። ይህም መስተካከል አለበት። የይቅርታው ብዛት ባለሀብቱ ስለ ሥራው ከማሰብ ይልቅ መሥራቹን እንዲያጽናና ያስገድደዋል። የሠራተኛዋ ስም ደብዳቤው ውስጥ ቦታ የለውም፤ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፣ ውሳኔውም የድርጅቱ ነው። የ30 ሚሊዮኑ ተስፋ ደግሞ ገና ባልተሞከረ መፍትሔ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ባይሳካ በሚቀጥለው ደብዳቤ ሌላ መሸፋፈኛ ይወልዳል። መሥራቹ ቃል መግባት የሚችለው ራሱ ስለሚሠራው ሥራና ስለሚለካበት ቀን ነው። ባለ ሱቆቹ ስለሚወስኑት ውጤት ቃል መግባት አይችልም።

በመጨረሻ የተላከው ደብዳቤ እንዲህ ይነበባል፦

«ይህ ሩብ ዓመት ደካማ ነበር። ገቢያችን ከ2.4 ሚሊዮን ወደ 1.98 ሚሊዮን ብር ወርዷል። በመተግበሪያው የተሸጠው ዕቃ ከ30 ወደ 33 ሚሊዮን ብር ቢያድግም፣ 11 ሚሊዮኑ ዝቅተኛ ኮሚሽን ለሚከፍሉ ሦስት ሚኒ ማርኬቶች የተሸጠ ነው። ዋና ሥራችን የሆነው የሰፈር ሱቆች ሽያጭ ወደ 22 ሚሊዮን ወርዷል። በመጋቢት ያዘዙ ሱቆች 640 ናቸው፤ በታኅሣሥ 780 ነበሩ።

ዋናው ምክንያት በየካቲት የየቀኑን ማድረስ በሳምንት ወደ ሦስት ጊዜ መቀነሳችን ይመስለናል። የየቀኑ ማድረስ በቀጠለበት በጀሞ ትእዛዝ አልቀነሰም። ጾሙ እንቁላል ላይ ተጽዕኖ አድርጓል፤ ዘይትና ሳሙናም ስለቀነሱ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም ብለናል።

ከሚያዝያ 15 ጀምሮ በሁለት ተጨማሪ ሰፈሮች የየቀኑን ማድረስ እንመልሳለን። በግንቦት መጨረሻ የእነዚህን ሰፈሮች ትእዛዝ ካልተመለሰባቸው ጋር አወዳድረን ውጤቱን እንልክላችኋለን። ልዩነት ካልታየ ምክንያቱን ተሳስተናል ማለት ነው፤ ያንንም እንጽፋለን።

ለአቅራቢዎች የሚከፈለው ሲቀነስ 7 ሚሊዮን ብር አለን። በየወሩ ከገቢያችን በላይ 1.4 ሚሊዮን እናወጣለን፤ በዚህ አካሄድ ገንዘቡ ለአምስት ወር ይበቃል። አዲስ ሠራተኛ መቅጠር አቁመናል።

አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። በኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ዕቃ የሚያከፋፍል ሰው የምታውቁ ካላችሁ አገናኙን፤ የየቀኑ ማድረስ ወጪን በዚያ መንገድ መቀነስ ይቻል እንደሆነ ማየት እንፈልጋለን።»

ይህ ደብዳቤ ከረቂቁ ይረዝማል፤ አንባቢው ግን ከጨረሰ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። የሚያገናኘው ሰው ያለው ያገናኛል። ሚኒ ማርኬቶቹን በ2 በመቶ ማስተናገድ ከነዳጁና ከጉልበቱ አንጻር አዋጭ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ ለመጨመር የሚያስብም አምስት ወር ሲቀረው ያስባል፤ አምስት ቀን ሲቀረው ቢነገረው ኖሮ ማሰቢያ ጊዜ አያገኝም ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ደብዳቤውን አንብቦ ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ አይኖርም ማለት ልክ አይደለም። ነገር ግን በረቂቁ ተስፋ ያደረገ ሰው በመስከረም ገንዘቡ ማለቁን ሲሰማ የሚያጣው እምነት ከዚህ ይብሳል።

ነገሩ የሕግ መልክም አለው። የአሜሪካ የአክሲዮን ሕግ አክሲዮን በሚሸጥበትና በሚገዛበት ጊዜ ውሸትን ብቻ ሳይሆን፣ ዋና ነገርን ትቶ የተነገረውን አሳሳች ማድረግንም ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ ገንዘብ እየተሰበሰበ የሚላክ የሩብ ዓመት ደብዳቤ ተራ ወሬ አይደለም። የከፋው ምሳሌ የደም ምርመራ ድርጅቱ ቴራኖስ ነው። የአሜሪካ የአክሲዮን ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ባቀረበው ክስ መሠረት፣ ድርጅቱ ከባለሀብቶች ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል፤ የ2014 ገቢው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆንም ተናግሯል፤ በዚያ ዓመት ያገኘው ግን ከ100 ሺህ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስ በጥር 2022 ባለሀብቶችን በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች። የእኛ መሥራች ረቂቅ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ሆኖም አዲስ ገንዘብ በሚጠየቅበት ሳምንት «አስተማማኝ ነው» ብሎ የላከው ቢሆን ኖሮ ጠበቃ የሚያስፈልገው ጉዳይ ይሆን ነበር።

መሥራቾች ሆይ፣ ደካማው ሩብ ዓመት ሲመጣ ደብዳቤውን አታዘግዩት። መፍትሔው እስኪገኝ፣ ቁጥሩ እስኪያምር፣ አዲስ ውል እስኪፈረም ብላችሁ አትጠብቁ። በየጊዜው በሚላክበት ቀን፣ ባለፈው ጊዜ በዘገባችሁበት መለኪያ፣ የወረደውን ቁጥር የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አድርጋችሁ ላኩት። ባለሀብቶችም ደግሞ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በዚያው ሳምንት መልስ ጻፉ፤ እውነቱን የጻፈ ሰው ዝምታ ከተመለሰለት የሚቀጥለውን ደብዳቤ በሌላ ቋንቋ ይጽፈዋል።